ጫማው በቀን ስንት ያስከፍልሃል?

«ጤና ይስጥልኝ። አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ መንገዱንም በእግሬ ነው የምሄደው። በሳምንት አምስት ቀን አንድ ጥቁር ጫማ አደርጋለሁ። ርካሽ ስገዛ አምስት ወር ያህል ይቆየኝና ጣቴ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። አሁን ዓይኔ ያረፈበት የቆዳ ጫማ ዋጋው የርካሹ አራት እጥፍ ነው። ታላቅ ወንድሜ "ርካሽ እየገዛህ ነው የምትከስረው" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ "በዚያ ገንዘብ እኮ አራት ጫማ ይገዛል" ትላለች። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። የቱን ልግዛ? ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ ባለቤትህና ወንድምህ የሚከራከሩት በዋጋ ነው። አንተ ግን ማወቅ ያለብህ ጫማው ለአንድ ቀን ሲያገለግልህ ስንት እንደሚያስከፍልህ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። የከፈልከውን ዋጋ ወስደህ ጫማው እስኪጣል ድረስ ለጥገና የምታወጣውን ትጨምርበታለህ። ከዚያ ጫማውን ላደረግክባቸው ቀናት ታካፍለዋለህ።

እንዲመቸን የርካሹን ዋጋ 100 እንበለው። ውዱ 400 ሆነ ማለት ነው። በወር 22 ቀን ያህል ሥራ ስለምትገባ፣ ርካሹ ጫማ በአምስት ወር 110 ቀን ያገለግልሃል። 100 ለ110 ሲካፈል 0.91 ይመጣል። ርካሹ ጫማ በቀን የሚያስከፍልህ ይህንን ነው።

ውዱ ከዚህ ጋር እኩል ለመውጣት ቢያንስ 440 ቀን፣ ማለትም 20 ወር ማገልገል አለበት። ይህ ጥገናን ሳንቆጥር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያቆምና «20 ወር አይቆይም እንዴ? ይቆያል!» ብሎ ይገዛል። ሻጩም አምስት ዓመት ይቆያል ይልሃል። የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ጫማ እንዳለ በአንድ ጊዜ አያረጅም። አንዱ ክፍሉ ቀድሞ ይሞታል፣ ሌላው ገና ደህና ሆኖ አብሮ ይጣላል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ከማለትህ በፊት «ቀድሞ የሚያልቀው ምኑ ነው? እሱስ ይቀየራል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

የአንተ ርካሽ ጫማ ላይ የሚሞተው የላይኛው ክፍል ነው። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የሚሰነጠቅ ጫማ ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ወይም የቆዳ ብናኝ በማጣበቂያ ተጋግሮ ከላይ ቀለም የተቀባ ነው። በየእርምጃው ሲታጠፍ ሽፋኑ ይደክማል፣ ይላጣል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ይህ አይጠገንም። የተላቀቀው ሶሉ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥህ ነበር። በማስቲሽ መልሶ ማጣበቅ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ወር ሁለት ወር ከጨመረልህ የርካሹ ጫማ የቀን ዋጋ በጣም ይወርዳል። የተሰነጠቀ ፊት ግን ተስፋ የለውም።

ደህና ቆዳ ባለው ጫማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፊቱ ደህና ሆኖ እያለ ሶሉ ያልቃል። እንደ አንተ በእግሩ የሚሄድና ቆሞ የሚውል ሰው፣ አንድ ደህና የጎማ ሶል አንድ ዓመት ያህል ቢያገለግለው መጥፎ አይደለም። እንግዲህ 260 ቀን ብለን እንያዘው። በመሃል ታኮው ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ አንዱ 10 ቢፈጅ ሁለቱ 20 ነው። ሶሉን ሙሉ ለሙሉ ማስቀየር ደግሞ 80 ይፍጅ። እነዚህ የእኔ ግምቶች ናቸው። አንተ ጋ ያለውን ዋጋ ጠይቀህ በራስህ ቁጥር ቀይራቸው፤ አካሄዱ ያው ነው።

አሁን ውዱን ጫማ እናስላው። በመጀመሪያው ሶል ብቻ ብትጠቀምበትና ብትጥለው፣ 400 ከታኮው 20 ጋር 420 ይሆናል። ለ260 ቀን ስናካፍለው በቀን 1.62 ነው። ከርካሹ በብዙ ይበልጣል! ወንድምህ ይህን ቁጥር ቢያይ የሚደነግጥ ይመስለኛል። ሶሉን አንድ ጊዜ ካስቀየርክ ወጪው 520፣ ቀኑም 520 ይሆናል፤ በቀን ልክ 1 ማለት ነው። አሁንም ርካሹ በትንሹ ያሸንፋል። ሁለተኛ ጊዜ ስታስቀይር ግን 620 ለ780 ቀን ይሆናል፤ በቀን 0.79። ውዱ ጫማ ርካሹን የሚያሸንፈው እዚህ ጋ፣ ከሦስተኛው ሶል መሃል ላይ፣ ከ30 ወር በኋላ ነው።

ይህን ልብ በልልኝ። የውድ ጫማ ትርፉ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ላይ አይደለም። ከሁለተኛው ሶል ጀምሮ እያንዳንዱ ዓመት የሚያስወጣህ ሶሉንና ታኮውን ብቻ፣ 100 ያህል ነው። ያ በቀን 0.38 ነው፤ የርካሹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፊቱን አስቀድመህ ከፍለህበታል። ስለዚህ ሶሉ የማይቀየር ጫማ ላይ አራት እጥፍ መክፈል ለአንተ አያዋጣም፤ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር።

ታዲያ ሶሉ ይቀየር አይቀየር እንዴት ይታወቃል?

ሶል ከፊቱ ጋር የሚያያዝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ለአንተ ሦስቱን ማወቅ ይበቃሃል። የመጀመሪያው በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው። ርካሹም ሆነ ብዙ ውድ ጫማ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይህንንም ሊቀይረው ይችላል፤ ግን ልክ የሚሆን ሶል ማግኘት ከባድ ነው፣ ሲነቀልም ፊቱ ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ሶሉ ከጫማው ውስጠኛ መቀመጫ ጋር በቀጥታ የተሰፋበት ነው። የውስጡን ስስ ንጣፍ ገለጥ ስታደርግ ክሩ ይታይሃል። ይህ ይቀየራል፤ ነገር ግን ልዩ ማሽን ይፈልጋል። ሦስተኛው ጉድይር ዌልት የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ አለ። ፊቱ ከጥብጣቡ ጋር ይሰፋል፣ ሶሉ ደግሞ ለብቻው ከጥብጣቡ ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ የታችኛው ስፌት ብቻ ይፈታል፤ ፊቱን የሚነካው የለም። ለዚህ ነው ደጋግሞ የሚቀየረው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። አንዳንድ ጫማ ዙሪያውን ስፌት ይታይበታል፣ ስፌቱ ግን ጌጥ ነው፤ ምንም አልያዘም። ጫማውን ገልብጠህ ከታች እይ። ከላይ ጠርዙ ላይ የሚታየው ክር ከታችም መታየት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በቦይ ውስጥ ተቀብሮ ታገኘዋለህ። ከታች ክርም ቦይም ከሌለ ተጠራጠር። በእርግጥ ቦዩን በቆዳ ሸፍነው የሚሠሩ ጥሩ ጫማዎችም ስላሉ፣ ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። አንዳንዱ «ስፌት» ደግሞ ጭራሽ ክር አይደለም፤ ጎማው ላይ በቅርጽ የወጣ ነው። በጥፍርህ ፋቅ ብታደርገው ይለያል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው መጠየቅ ነው። ጫማውን ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን አንሳ፦ ከጎን፣ ከታች፣ ከውስጥ። የምታምነው ጫማ ሰፊ ጋ ሂድና «ይሄ ሶሉ ሲያልቅ ትቀይርልኛለህ? ስንት ታስከፍለኛለህ?» በለው። «አዎ» ካለህና ዋጋውን ከነገረህ፣ ለሂሳቡ የጎደለህን ቁጥር አገኘህ። «እሱ እንኳ አይቀየርም» ካለህ ነገሩ አለቀ። ሶሉን መቀየር ከአዲሱ ርካሽ ጫማ ዋጋ በላይ የሚያስወጣ ከሆነም ሂሳቡን እንደገና ሥራው፤ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ሶሉ ይቀየራል ብንልም፣ ፊቱ ሦስት ዓመት መድረስ አለበት። ያለበለዚያ ሦስተኛውን ሶል የምትሰፋበት ጫማ አይኖርህም። ሱቅ ውስጥ ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ በአውራ ጣትህ ጫን አድርግና እይ። ጥሩ ቆዳ ደቃቅ መስመሮች ያወጣል፤ ስትለቀው መስመሮቹ ይጠፋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ላዩ ብዙ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሰፋፊ እጥፋት ያወጣል፤ ሽፋኑ ከሥሩ ተላቆ የተነሳ ይመስላል። ጥሬ ጠርዝ ካገኘህ ደግሞ እሱን እይ፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ጭረት ጭረት ያለው የቆዳ ሥጋ ከታየህ ደህና ነው። ጨርቅና ስስ ፕላስቲክ ተደራርበው ካየህ፣ የሚጠየቀው ዋጋ አራት እጥፍ ቢሆንም አሁን እንደሚሰነጠቅብህ ጫማ ነው የሚሰነጠቀው። ዋጋና ጥንካሬ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የምትከፍለው ለስሙና ለማስታወቂያው ሊሆን ይችላል።

አጠቃቀምህም እዚህ ውስጥ ይገባል። በሳምንት አምስት ቀን አንድ ጫማ ብቻ ማድረግ ጥሩ ቆዳን ይገድለዋል። እግር ቀኑን ሙሉ ያልባል፤ ቆዳውና ገበሩ ያንን እርጥበት ይመጥጣሉ። አንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አያደርቀውም። በማግሥቱ እርጥብ ሳለ ሲደረግ ገበሩ ተረከዙ ጋ ይበላል፣ ስፌቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ውዱን ከገዛህ የድሮው ርካሽ ጫማ ገና ካልተቀደደ አትጣለው። አንድ ቀን ይሄን፣ አንድ ቀን ያን እያደረግህ አሳርፋቸው። ዝናብ ባለበት ቀን ርካሹን አውጣ። ውዱ ከረጠበብህ ወረቀት ጠቅጥቀህበት በጥላ አድርቀው። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በየጊዜው ክሬም መቀባትም ለማማር ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ሲታጠፍ እንዳይሰበር ያደርገዋል።

ታኮውን ደግሞ በየወሩ ገልብጠህ እይ። የብዙ ሰው ታኮ የሚበላው በኋላ በኩል፣ በውጭ ጥጉ ነው። የታችኛው ጎማ ብቻ እያለቀ ሳለ ከደረስክ ቅያሬው ትንሽ ወጪ ነው። ጎማው አልቆ ከበላዩ ያለው ድርብርብ መበላት ከጀመረ ግን ታኮውን እንደገና መሥራት ሊያስፈልግ ነው፤ ያኔ ያሰላናቸው 10ዎች ይባዛሉ። እንደዚሁ ሶሉ ተበልቶ ቀዳዳ እስኪያወጣ፣ ስፌቱና ጥብጣቡ እስኪጎዱ አትጠብቅ። መሃሉን በጣትህ ጫን ስትለው ከለሰለሰብህ ጊዜው ደርሷል።

አሁን ባለቤትህ ጋ ልምጣ። እሷ ያነሳችው ነገር ቀላል አይደለም። ርካሹን በየአምስት ወሩ ስትገዛ 100 100 እያወጣህ ነው። ውዱ 400ውን ዛሬ ይፈልጋል፤ ሂሳቡም የሚመለሰው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። እስከዚያ ጫማው ሊጠፋ ይችላል፣ ሊሰረቅ ይችላል፣ እግርህም ሊጠብበው ይችላል። 400ው ከቤት ወጪ የሚቀነስ ወይም በብድር የሚመጣ ከሆነ አትግዛው። በቀን 0.91 እና 0.79 መካከል ያለው ልዩነት 0.12 ነው፤ ለዚህ ስትል ቤትህን አታጥብብ።

መሃል ላይ ያለውን ጫማም አትርሳ። ወንድምህም ባለቤትህም ያላነሱት እሱን ነው። ዋጋው የርካሹ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 200 ነው። ፊቱ እውነተኛ ቆዳ፣ ሶሉ ደህና ጎማ፣ አያያዙ በማስቲሽ። ሶሉ እስኪያልቅ 260 ቀን ቢያገለግልህና ታኮውን ሁለት ጊዜ ብታስቀይር ወጪው 220 ይሆናል። ለ260 ሲካፈል በቀን 0.85 ነው። ሶሉ ሳይቀየር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ርካሹን አሸነፈ! ውዱን ሊያሸንፈው አልቻለም፤ ግን ለውዱ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለብህ፣ ለዚህ ግን አንድ ዓመት ይበቃሃል። ከእጅህ የሚወጣውም ግማሹ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ጫማ ሰፊው ሶሉን እንደሚቀይርልህ ካረጋገጠ፣ ቆዳው ፈተናውን ካለፈ፣ 400ውም ሳትጨነቅ ከእጅህ የሚወጣ ከሆነ ውዱን ግዛ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባለ ሁለት እጥፉን ፈልግ። እንዳሁኑ የሚሰነጠቀውን ርካሽ ግን ደግመህ አትግዛ፤ የመሃሉ እስካለ ድረስ ምክንያት የለህም።

ይህን የምለው ለሥራ ጫማህ ነው። ለሠርግና ለመሰለው የምታደርገው፣ በዓመት አምስት ቀን እንኳ ከሳጥን የማይወጣ ጫማ ሌላ ነው። ለእሱ ርካሹ ይበቃል። የሚለሰልስ አረፋ መሰል ሶል ያላቸው ጫማዎች ደግሞ ሳይደረጉም ያረጃሉ። ፖሊዩሪታን የተባለው ሶል ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ይበሰብሳል። ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ቆይቶ በወጣበት ቀን እንደ ደረቅ ጭቃ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። «ብዙም ስለማላደርገው ይቆይልኛል» ተብሎ በውድ የተገዛ ብዙ ጫማ እንዲህ ነው ያለቀው። እግሩ እያደገ ላለ ልጅም ውድ ጫማ አይገዛም፤ ጫማው ሳያልቅ ይጠበዋል።

ሲለካልህ ደግሞ ወደ ማታ ሂድ። እግር ቀኑን ቆሞ ሲውል ያብጣል፤ አንተ ደግሞ ቆመህ ነው የምትውለው። የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ ሂድ። ጣቶችህ ካልተንቀሳቀሱ፣ ወይም ሻጩ «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» ካለህ አትቀበል። ቆዳ ወርዱ ትንሽ ሊለቅ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። የሚቆነጥጥ ጫማ 20 ቀን ተደርጎ ቁም ሣጥን ሥር ይገባል። 400 ለ20 ሲካፈል በቀን 20 ነው፤ ከዚህ የሚብስ ግዢ የለም።

የገዛኸውን ጫማ ምላስ ገልብጠህ ከውስጥ በኩል ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፍበት። ታኮ ስትቀይር፣ ሶል ስትቀይር፣ ወጪውን ስልክህ ላይ ያዝ። የሚቀጥለውን ጫማ ስትገዛ የእኔን 260 ትተህ የራስህን ቁጥር ታስገባለህ። አካሄድህ፣ ክብደትህ፣ የምትረግጠው መሬት ከሌላው ሰው ስለሚለይ፣ ያ ቁጥር ከማንም ግምት ይሻልሃል። የአሁኑን ርካሽ ጫማህንም ከመጣልህ በፊት ፊቱ የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ ታኮው በየት በኩል እንደተበላ አይተህ ፎቶ አንሳው። ጫማ ሰፊውን ስታማክር አብረህ አሳየው።